አራት ወልደው አምስት አሳደጉ

አክስቴ ያረፉት ማክሰኞ ማታ ነው። ቀብሩ ረቡዕ በ9 ሰዓት ይሁን ተባለ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያ ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠሩኝና አራት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ።

«የሕይወት ታሪኳን ጽፌዋለሁ። አንቺ የአማርኛ አስተማሪ ነሽ፤ ፊደሉን ብቻ እዪልኝ» አሉኝ።

ፊደሉ ደህና ነበር። ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነበው ግን 11 ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ በፊት ሦስት ቀብር ላይ አንብቤአለሁ። የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ከፍትሐቱ በኋላ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አስከሬኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ከኋላ ያለው ሰው ማንሾካሾክ ይጀምራል፤ ልጆች ደግሞ እግራቸው ይከዳቸዋል።

የጋሼ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በ1945 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ትምህርታቸውን በሚገባ ተከታትለው፣ በ1964 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው...» እያለ ገጹን ያጋምሳል። በዓይን ሲያነቡት ክብር አለው። በአፍ ሲሆን አንባቢው መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያዘነ ሰው ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ ነው እንባው የሚቀድመው። ቆራረጥኩት፦ «በ1945 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ተወለዱ። በ1964 ዓ.ም. መምህርት ሆኑ። 38 ዓመት አስተማሩ።» የወላጆቻቸውን ስም ለብቻው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት።

ሕመማቸው 12 መስመር ይዞ ነበር። የተኙበት ክፍል፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ ሁሉም አለ። ጋሼ ይህን የጻፉት «ሳናሳክማት ቀረን» እንዳይባል መሆኑ ገባኝ። እትዬ ግን ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ሰው እንዲያያቸው የማይፈልጉ ሴት ነበሩ። «ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳይለዩ ሲያስታምሟቸው ቆይተው» ብዬ በአንድ መስመር ዘጋሁት። ጋሼ አነበቡት፤ ዝም አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የተጋጨነው ከዚያ በኋላ ነው። ረቂቁ «የ4 ልጆች እናት ነበሩ» ይላል። አምስተኛዋ፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እትዬ ያሳደጓት፣ «እማዬ» እያለች ያደገችው፣ መጨረሻ ላይ ገላቸውን የምታጥባቸው ልጅ፣ ያን ሰዓት ለለቀስተኛ ቡና እያፈላች ነበር።

«ጋሼ፣ እሷስ?»

«አልወለደቻትም እኮ። ነገ የውርስ ነገር ሲነሣ ይህ ወረቀት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

ስጋታቸውን አልናቅሁትም። «5 ልጆች ወልደዋል» ማለት ሐሰት ነው። «የ4 ልጆች እናት» ማለት ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን መደበቅ ነው። ብዙ ሞካክሬ የቀረው ይህ ነው፦ «4 ልጆች ወልደው 5 አሳድገዋል።» ቀጥሎ የአምስቱም ስም፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ያለ ልዩነት። ጋሼ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ይዘው ቆዩ። «ውሸት የለበትም» አሉ በመጨረሻ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ስሞቹ ካሉበት በኋላ ሦስት መስመር ባዶ ተውኩ። ልቅሶው የሚፈነዳው እዚያ ነው፤ አንባቢው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ከባዶው ቀጥሎ ደግሞ ባይሰማም የማይጎዳ ነገር አስገባሁ፤ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች። ዋናውን ነገር እዚያ ብታስቀምጡት ጩኸት ይውጠዋል። ፊደሉን አተለቅሁት፤ ወረቀቱንም ባንድ ገጹ ብቻ አተምነው፤ እያንዳንዱ ገጽ በአራት ነጥብ እንዲያልቅ አደረግሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ገጽ መግለጥ የለበትም። የመዝጊያውን «ነፍሳቸውን ይማርልን» አልነካሁትም። ሰው ሁሉ «አሜን» የሚልበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ አዲስ ነገር አያስፈልግም።

እንዲያነብ የተመረጠው ከወንድማቸው ልጆች አንዱ ነው። ጠዋት ሁለቴ አስነበብኩት። በሁለተኛው 5 ደቂቃ ከግማሽ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስሞቹ ጋ ሲደርስ ልጅቷ ከኋላ፣ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ቆማ ነበር። ስሟ ሲጠራ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው ወደ ፊት፣ ወደ አራቱ ልጆች አመጧት። አንባቢው ጠበቀ። ትምህርት ቤቶቹን ሲያነብ የሰማው ሰው የለም።

ማታ ጋሼ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ለእሷ ሰጧት። «ለአርባዋ ትጠቀሚበታለሽ፤ አስቀምጪው» አሏት።