አዎ ቢባል ምን እናውቃለን? የውይይት ጥያቄን ስለማረም



ውይይት ላይ ዝምታ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወቀሰው ተሳታፊው ነው፤ “አዲስ ተማሪዎች ያፍራሉ” ይባላል። የጥያቄውን ወረቀት አንስተን ብናነበው ግን ዝምታው ብዙ ጊዜ ከዚያ እንደሚጀምር እናያለን። አንዳንዱ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ሦስቱንም ሁላችንም በምናውቀው ጉዳይ፣ በዲከረንስ ዛፍ፣ እንያቸው።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስንጓዝ በፋግታ ለኮማ፣ በአዲስ ቅዳም በኩል እናልፋለን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ይታያል፤ የከሰል ጆንያም ተደርድሮ እናያለን። ዛፉ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል፤ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያ ማሳው እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አገር ይህ ብዙዎችን ስቧል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቷል። እንግዲህ ለክርክር የሚሆን ጉዳይ ሞልቷል፤ ጥያቄው ካላበላሸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

“መሬታችንን እያራቆተ ያለውን ዲከረንስ ገበሬው መትከል ማቆም የለበትም ትላላችሁ?”

“እያራቆተ ያለውን” የሚለው ቃል ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። በዚህ ከሰል የተማረ የፋግታ ለኮማ ልጅ እዚያ ተቀምጦ ከሆነ፣ አፉን ቢከፍት ለጥፋት ጥብቅና የቆመ ይመስላል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ስለ ጉዳዩ ከሁሉም የበለጠ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። “የለበትም ትላላችሁ?” የሚለው አሉታዊ አነጋገርም ሌላ ጣጣ አለው። በአማርኛ እንዲህ ላለ ጥያቄ “አዎ” ሲባል አንዱ “አዎ፣ ማቆም አለበት” ማለቱ ሲሆን፣ ሌላው “አዎ፣ ማቆም የለበትም” ማለቱ ነው። እጅ አስወጥተን ብንቆጥር የምንቆጥረውን አናውቅም።

አንድ ቃል ይህን ያህል ያዛባል ወይ የሚል ቢኖር፣ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ ከጆን ፓልመር ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ሙከራ ያስታውስ። ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አይተው መኪኖቹ በምን ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ተጠየቁ። “ሲላተሙ” በሚል ብርቱ ቃል የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 41 ማይል ገደማ አሉ፤ “ሲነካኩ” በሚል ለስላሳ ቃል የተጠየቁት ደግሞ 32 ማይል ገደማ። ያዩት ፊልም አንድ ነበር።

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

“ጤፍ እምብዛም በማይሰጥ አሲዳማ ማሳው ላይ ዲከረንስ ለመትከል የሚያስብ ገበሬ ምክር ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? ለምን?”

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማረም ማለት ጥያቄውን ወደ ሌላው ጎን ማዘንበል አይደለም። “የገበሬውን ኑሮ የለወጠውን ዲከረንስ መደገፍ የለብንም ወይ?” ብንል ያው በሽታ ነው፤ አሁን ዝም የሚለው ስለ አፈሩ የሚሰጋው ተማሪ ይሆናል። ለሁሉም መነገር ያለበት እውነታ ካለ፣ ከጥያቄው በፊት ራሱን ችሎ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከእኛ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሰው ሳያፍር ሊመልሰው ይችላል?

ሁለተኛው ጥያቄ፦

“ዲከረንስ የገበሬውን ገቢ እና የአፈሩን ለምነት አሻሽሏል?”

ይህ በመልኩ ገለልተኛ ነው፤ ግን አራት ዓይነት ሰው ይመልሰዋል። ሁለቱም ተሻሽሏል የሚል፣ ገቢው ብቻ የሚል፣ አፈሩ ብቻ የሚል፣ ሁለቱም አልተሻሻለም የሚል። “አዎ” እና “አይደለም” ለአራቱ አይበቁም፤ በተለይ መሐል ያሉት ሁለቱ መግቢያ ያጣሉ። ሲታረም ለየብቻ ይጠየቃል፦

“ዲከረንስ የተከለ ገበሬ ገቢ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ሆኗል?”

ይህ ተወያይተውበት ካለቀ በኋላ፦

“ዲከረንሱ ተቆርጦ ጤፍ ሲዘራበት ማሳው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ያበቅላል?”

“እና” ባየን ቁጥር ግን ጥያቄ አንቆርጥም። “አባትና ልጅ በጋራ የሚያርሱት ማሳ” ስንል የምንጠይቀው ስለ አንድ ማሳ ነው። በአንጻሩ “እና” የሌለበት ድርብ ጥያቄም አለ፦ “ዲከረንስ ገቢ በመጨመሩ ወጣቱን ከስደት አስቀርቷል?” ገቢ ጨምሯል ወይ የሚለውን እንደታመነ አድርጎ ስለ ስደት ይጠይቃል። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ትርጉሙን እንፈትሽ፤ አንዱን ግማሽ “አዎ”፣ ሌላውን “አይደለም” ማለት ከተቻለ ጥያቄው ሁለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦

“ዲከረንስ በአካባቢው ላይ ምን ተጽዕኖ አለው?”

ከሁሉም ጨዋ የሚመስለው ይህ ነው፤ የሚያደክመውም ይኸው ነው። “አካባቢ” ለአንዱ አፈርና ውሃ ነው፤ ለሌላው ሠፈሩና ሰዉ። አንዷ ስለ ምንጭ ውሃ ስትናገር ሌላው ስለ ወጣቶች ሥራ ይመልስላታል፤ የተከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ አልተገናኙም። አርሚው አስቀድሞ የትኛውን እንደፈለገ መወሰን አለበት። ሰዉን ከፈለገ፦

“ከአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ ትልቁ ድርሻ የሚደርሰው ለማን ይመስላችኋል፤ ለባለማሳው፣ ለአክሳዩ ወይስ ለነጋዴው? ለምን?”

ተክሉን ከፈለገ ደግሞ፦

“በአንድ ቀበሌ ያለው ማሳ በአብዛኛው ዲከረንስ ሆኖ ሳለ በሽታ ቢገባበት ቀድሞ የሚጎዳው ማን ነው?”

ማጥበብም ልክ አለው። “ዲከረንስ በስንት ዓመቱ ይቆረጣል?” ግልጽ ጥያቄ ነው፤ ግን ፈተና እንጂ ውይይት አይደለም። አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው ዝም ይላል። የውይይት ጥያቄ ማንን፣ ምንንና የትን ግልጽ አድርጎ፣ “ለምን”ን ለተሳታፊው ክፍት ይተዋል።

ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ዝግጅቱ ላይ ላልነበሩ ሁለት ሰዎች ጥያቄውን ለየብቻ እናንብብላቸው፤ መልሱን ሳይሆን “ምን የተጠየቅህ ይመስልሃል?” ብለን እንጠይቃቸው። በገዛ ቃላቸው ሲደግሙት ሁለቱ ከተለያዩ ጥያቄው ግልጽ አይደለም። አፍ መፍቻው አውኚ ወይም ኦሮምኛ የሆነ ተማሪ ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የተጠማዘዘ አማርኛ ቶሎ የሚጋለጠው እሱ ዘንድ ነው። በመጨረሻም ራሳችንን እንጠይቅ፦ ሁሉም “አዎ” ብሎ ቢመልስ ምን እናውቃለን? መልሳችን “ምንም” ከሆነ ወረቀቱ ገና አልተጠናቀቀም።