ሁለቱ የራውተር ፓስወርዶች

ቅዳሜ ለአክስቴ አዲስ ራውተር ስገጥም ዋልኩ። ግቢዋ ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ኢንተርኔቱን በጋራ ሊጠቀሙ ተስማምተዋል። ስለ ፓስወርዱ የተጨቃጨቅነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመሰካቱ ሥራ ቀላል ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው ሳጥን የሚመጣው ኬብል WAN የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀለም ከሌሎቹ ይለያል። LAN ላይ ከሰካችሁት ዋይፋዩ ስልካችሁ ላይ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ከዚያ መብራቶቹ እስኪረጋጉ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ራውተሩ ሆድ ላይ በተለጠፈው ስምና ፓስወርድ በስልኬ ገባሁ። እዚህ ጋ የሞባይል ዳታችሁን አጥፉ፤ አለበለዚያ ስልኩ "ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ በዳታ ይሄድና ገጹ እምቢ ይላችኋል። ብሮውዘሩ ላይ እዚያው የተለጠፈውን አድራሻ ጻፍኩ፤ የእሷ 192.168.0.1 ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀኝ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ እንዳወጣ ነው። የቆዩት ራውተሮች ግን አይጠይቁም፤ admin ብላችሁ ትገቡና ራሳችሁ ፈልጋችሁ ካልቀየራችሁት እንደዚያው ይቀራል።

አክስቴ "አንተ ልጅ፣ ሁለት ፓስወርድ ማን ያስታውሳል? አንድ አድርገውና እንረፍ" አለች። "እትዬ፣ ለተከራዮቹ የውጭ በሩን ቁልፍ ሰጥተሻል አይደል? የቁም ሳጥንሽንስ?" አልኳት። ሳቀች። የዋይፋዩን ፓስወርድ ሦስቱም ቤት ማወቁ አይቀርም። የአስተዳዳሪውም ያው ከሆነ ማንኛውም ተከራይ ያንኑ ገጽ ከፍቶ ሌሎቹን ማስወጣት፣ ፓስወርዱን ቀይሮ ባለቤቷን ራሷን መቆለፍ ይችላል።

ለዋይፋዩ ስም የቤት ቁጥሯን ፈልጋ ነበር፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ስለሚታይ ተውነው። የድመቷን ስም ሰጠነው። ጥበቃውን WPA2 ላይ አደረግኩት። ፓስወርዱ ከ8 ፊደል ማነስ የለበትም፤ ስልክ ቁጥሯን ግን እምቢ አልኩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋላ! እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት አያይዘን ጻፍን።

"ሴቭ" ስል ስልኬ ከዋይፋዩ ወጣ። አክስቴ "አበላሸኸው!" ብላ ጮኸች። ኧረ አልተበላሸም፤ ስሙ ስለተቀየረ ነው። በአዲሱ ስም ገባሁ። ከዚያ አስተዳዳሪው ገጽ ላይ የዋይፋዩን ፓስወርድ ሞከርኩ፤ አላስገባኝም። የፈለግኩት ይሄንን ነው።

የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። እሱ ከጠፋ ያለው መንገድ ከኋላ ያለውን Reset ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ ያኔ ግን ስሙም፣ ሁለቱም ፓስወርዶች፣ አቅራቢው የሰጠው መግቢያም ካለ አብሮ ይጠፋል። እሱንም እዚያው ወረቀት ላይ ጽፌላታለሁ።