በሶና መስኮት

ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻን ስናልፍ ገና ሙሉ በሙሉ አልነጋም ነበር።

በሁለተኛው ወር፣ ዶርም ውስጥ፣ ስለዚያ ጠዋት ዘፈን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የወሎ ልጅ ናፍቆት ሲጽፍ ሌላ ምን ይመርጣል? ትዝታ ነዋ! የክፍሌ ልጅ ክራር ነበራት። ባለስድስት አውታር ነው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጓቸው ያው ቅኝት ያለቅሳል። እኔም ሁለቱን አውታሮች አላልቼ የሚያለቅሰውን ያዝኩ።

ግጥሙን በወል ቤት ጻፍኩት፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስድስት። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው እንጂ በፊደል አይደለም፤ በፊደል የቆጠረ ሰው ሲዘፍነው ይደናቀፋል። የመጀመሪያው መስመሬ ይህ ነበር፦

በጦሳ ተራራ፣ ልቤን ጥዬ መጣሁ

ቆጠራው ልክ ነው። ዜማውም ገባ። ቀድቼ ለእማዬ ላኩላት፣ ታለቅሳለች ብዬ (እውነቱን ለመናገር፣ እንድታለቅስ ፈልጌ)።

ማታ ደወለች። «ድምፅሽ ያምራል» አለች። ቀጥላ፣ «ግን ልጄ፣ አንቺ መቼ አዘንሽ? እኔ ሳለቅስ አንቺ መስኮቱን ከፍተሽ ትስቂ ነበር እኮ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴ ጋለ። ልክ ነበረች። ያን ቀን ልቤ የትም አልቀረም፤ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ጣርማ በር ደርሶ ነበር። እናቴ እዚያው ደሴ እንድማር ለምናኝ እምቢ ብያት ነው የመጣሁት። ዘፈኑ ውስጥ ግን የተገፋሁ አስመስዬዋለሁ። ትዝታ ለዚህ ይመቻል፤ ያልተሰማሽን ሐዘን ያበድርሻል፣ አድማጭም አይጠይቅሽም። የነበረ ሰው ካልሰማው በስተቀር።

ሳምንት ሙሉ ሰርዤ ጻፍኩ። «ደስ አለኝ» የሚለውን ቃል በየቦታው ሞከርኩት፤ ቆጠራው ቢሞላም ጉራ መሰለብኝ። በመጨረሻ ስሜቱን ትቼ ያየነውን ብቻ አስገባሁ፦

በሶውን ቋጥራልኝ፣ እናቴ ስታለቅስ
መስኮቱን ከፈትኩት፣ ቸኩዬ እስክደርስ

ክራሩ ግን አልተስማማም። በዚያ በሚያለቅሰው ቅኝት ስዘፍነው መስኮቱ የተከፈተው ለስንብት ይመስላል። ሁለቱን አውታሮች መልሼ ወጠርኳቸው። ትዝታነቱ አለ፣ ልቅሶው ግን ለእሷ ቀረ፣ ለእኔ መንገዱ።

ላኩላት። ብዙ ቆይታ ደወለች። ስለ ዘፈኑ ምንም አላለችም።

«በሶው አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«ሰው ስለሚመጣ ነገ እልካለሁ።»