የአሥራ አንድ ቤት ገቢ

ከፈተና በፊት በነበረችው አጭር እረፍት እኔና የክፍል ጓደኛዬ ጥሊሊ እኛ ቤት ሆነን ስታትስቲክስ እንከልስ ነበር። የሚን፣ የሚዲያንና የሞድ ፎርሙላ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የትኛው መቼ እንደሚበጅ ነው። ስለዚህ ለመለማመጃ የ11 ቤተሰብ የዓመት ገቢ ከራሳችን ፈጥረን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርን። ቁጥሩ በሺህ ብር ነው።

18፣ 20፣ 24፣ 24፣ 24፣ 28፣ 30፣ 35፣ 40፣ 52፣ 365

የመጨረሻው በዚያ ዓመት ባህር ዛፉን በጅምላ የሸጠ ገበሬ ነው አልን። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ አገር አይጠፋም።

«ድምሩ 660፣ ለ11 ሲካፈል 60» አለ ጓደኛዬ። «አማካይ ገቢያቸው 60 ሺህ ነዋ!»

«እስቲ 60 ሺህ የሚያገኘውን ቤት አሳየኝ።»

በጣቱ ዝርዝሩን ወረደበት። አሥሩ ቤቶች ከዚያ በታች ናቸው።

«ታዲያ ሚኑ የማንን ኑሮ ነው የሚናገረው?»

«የማንንም። ባለ 365ቱ ወደ ራሱ ጎትቶታል። ስድስተኛውን ቤት እይ፣ ሚዲያኑ 28 ነው። የዚያ ሰውዬ ገቢ 145 ቢሆን ሚኑ ወደ 40 ይወርዳል፤ ሚዲያኑ ግን ንቅንቅ አይልም።»

«እንግዲያው ሚኑን እንጣለዋ!»

«ቆይ፣ የሁሉንም ጠቅላላ ገቢ ብትጠየቅስ? 60ን በ11 ብታባዛ ልክ 660 ይመጣል። በሚዲያኑ ብታባዛ ግን 308 ነው፤ ከግማሽ በላዩ የት ገባ?»

ወደ ሞዱ አለፍን። «24ን ሦስት ጊዜ የጻፍከው አንተ ነህ፤ ለምንድን ነው?» አለኝ።

ሆን ብዬ ነበር። ገበሬ ገቢውን መዝግቦ አይይዝም፤ ጠያቂ ሲመጣበት «በወር ሁለት ሺህ ገደማ» ይላል። ጠያቂው በ12 ያባዛውና 24 ሺህ ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ገቢ የአንዱ 23,400፣ የሌላው 24,700 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሞድ የሚባል ነገር የለም። ሞዱ የገቢውን ሳይሆን የአነጋገሩን ልማድ ነው ያሳየን። ከ20 እስከ 29 ያሉትን በአንድ መደብ ብናስቀምጥ አምስት ቤት ይገባበታል፤ ይህ ይሻላል፣ ግን የመደቡ ስፋት ሲቀየር መልሱም ይቀየራል።

ጓደኛዬ አሁንም 365ቱ አልዋጥልህ አለው። «ዛፉ እኮ በአንድ ዓመት አላደገም» አለ። እውነቱን ነው! ከገንዘቡ 325ቱ የአምስት ዓመት ዛፍ ዋጋ ነው ብንል ለዓመት 65 ይደርሰዋል፤ ከሌላው 40 ጋር 105። ድምሩ 400፣ ሚኑ 36 ገደማ ይሆናል። ሚዲያኑ ያው 28 ነው። በአገራችን ድህነት የሚለካው በገቢ ሳይሆን በፍጆታ ወጪ መሆኑ ያን ጊዜ ትርጉም ሰጠን፤ ዛፍ የሸጠ ሰው ገንዘቡን በዚያው ዓመት በልቶ አይጨርሰውም።