የአሁኑ ዜሮ

ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አጎቴ ከደራ ደወለ። በዚያ ሰዓት ከደወለ ወይ ሰው አርፏል፣ ወይ ያ ባትሪ ነው። ባትሪው ነው። "መብራት ከማታ ጀምሮ የለም፣ ፍሪጁም ቀጥ ብሏል፣ ስልኩ ደግሞ 'የአሁኑ ዜሮ' ይላል። የአሁኑ ምንድን ነው ዜሮ የሆነው?" አለኝ። "የድሮውስ ስንት ነበር?" ብዬ ልቀልድ ስል ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የባትሪውን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ። አምና ለአጎቴ ሱቅ የገዛነው፣ ያ ወገባችንን የቆረጠን ሊትየም። በብሉቱዝ የሚከፈት አፕ አለው፤ አፑ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። የቋንቋ ምርጫ ፈልገን አጣን። የስልኩን ቋንቋ አማርኛም እንግሊዝኛም አድርገን ሞከርን፤ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችሁ ስክሪንሹት እናነሳለን፣ ፎቶውን ጎግል ትራንስሌት ውስጥ እንከታለን፣ ከቻይንኛ ወደ አማርኛ እንላለን፣ ከዚያ እንጸልያለን።

ከአዳማ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። አዋሽ መልካሳ ሳንደርስ አጎቴ የላከልኝን ስክሪንሹት መፍታት ጀመርኩ። "የአሁኑ" የተባለው 电流 ነው፤ በአምፒር የሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰት ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለኤሌክትሪክ ፍሰትም ለ"አሁን ያለው"ም አንድ ቃል ነው የሚጠቀመው። ቻይንኛው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ አማርኛ ሲደርስ የተሳሳተውን በር አንኳኳ። 充电 ማለትም ቻርጅ ማድረግ፣ በዚሁ መንገድ መጥቶ "ክፍያ" ሆኗል። አጎቴ ለሦስት ወር "ክፍያ በርቷል" የሚለውን እያየ ቻይና ያለ ሰው በየቀኑ ብር የሚቆርጥበት መስሎት ነበር። እኔን የጠየቀኝ ግን ዛሬ ነው! ሦስት ወር ሙሉ በልቡ ይዞት ዞረ።

አማርኛ ጎግል ትራንስሌት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ የገቡት በ2022። እግዜር ይስጣቸው፣ አልማረርም። ግን እንዲህ ላለ የኤሌክትሪክ አፕ አማርኛውን ትቼ ወደ እንግሊዝኛ ነው የማስተረጉመው፤ አንድ መታጠፊያ ይቀንሳል። ከቃሉም በፊት ቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል አያለሁ። V ካለ ቮልት ነው፣ A ካለ አምፒር ነው፣ ተርጓሚው ፊደሏን ብዙውን ጊዜ አይነካትም። "የአሁኑ 0.0A" የሚለውን አጎቴ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ቢያነበው ኖሮ እኔ አሁን ተኝቼ ነበር።

ያኔ ነው የሰፈራችን እማማ ትዝ ያሉኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሰፈሩ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። የእማማ ልጅ ቤሩት ነበረች፤ ደብዳቤዋ ሲመጣ ቆሎ ተቆልቶ፣ ቡና ተፈልቶ እጠራለሁ። አንድ ቀን "አሞኝ ሰንብቶ ነበር" የሚል አለበት። ዘለልኩት። "ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ" ብዬ ቀጠልኩ፣ ከራሴም ሁለት ሰላምታ ጨመርኩበት። እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው "እስቲ ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት፤ ሁለተኛው ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። "ምኗን ነው ያመማት?" አሉ። ፊደል የማይቆጥሩ ሴትዮ ከአንባቢው ፊት ላይ አነበቡት። ስልክ ምን ፊት አለው? ያመነበትንም የገመተውንም በአንድ ዓይነት ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጥቁር ፊደል ነው የሚያስቀምጥልህ።

ወደ ባትሪው። ደራ ደርሼ አፑን ከፈትኩት። ጠቅላላ ቮልቴጁ 52.6V። ውስጡ ያሉት 16 ሴሎች ሁሉም በ3.28 እና በ3.29V መካከል። (ሴሉን ተርጓሚው "ሞኖመር" ይለዋል፤ እንግዳ ስለሆነ ዝም እንበለው።) እንዲህ ያለ ሊትየም አንዱ ሴሉ ወደ 2.5V ሲወርድ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። የኛ ግን ጤነኛ ነው፣ ቮልት አለው፣ የሚወጣ ፍሰት ብቻ የለም። እንግዲህ ባትሪው አልሞተም፣ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ከታች ሁለት ማብሪያዎች አሉ፦ 充电 አረንጓዴ፣ 放电 ግራጫ። ሁለተኛው ኃይል ማውጫው ነው። ጠፍቷል።

"ማን ነካው?" አልኩ። የአጎቴ ልጅ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከትናንት ወዲያ ገጹን ሲያስተረጉም 放电 "መልቀቅ" ሆኖ መጥቶለታል። "ከአፑ መውጫው መስሎኝ" አለ፤ ነካው፣ አጠፋው፣ በሰላም ወጣ። መብራት እስካለ ድረስ ማንም አላወቀም፣ ፍሪጁ በመብራት ኃይል ይሠራ ነበር። ትናንት ማታ መብራት ሄደ፣ ጉዱ ወጣ። ልጁን ልቆጣው ብዬ ተውኩት። 放 ብቻውን በእርግጥም መልቀቅ ነው፤ ቃሉ አልዋሸም፣ ምን እንደሚለቀቅ ነው ያልነገረው።

ማብሪያውን አበራሁት። ፍሪጁ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሳ። ስልኩ ግን አሁንም 0.0A። አጎቴ "በል እሱም ውሸታም ነው" አለ። የምናየው በልጁ ስልክ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፍ ተርጓሚ ተጭኗል፤ ከሥር ያለውን ፎቶ አንስቶ ትርጉሙን ከላይ ይለጥፋል። የለጠፈው ከሁለት ደቂቃ በፊት የነበረውን ስክሪን ነው። ከሥሩ ቁጥሩ በየሰከንዱ ሲቀያየር ከላይ ያለው እንደ ግድግዳ ፎቶ ደርቆ ቀርቷል። ገፈፍኩት፣ -3.1A። በዚህ አፕ ሲቀነስ ማለት ከባትሪው እየወጣ ነው። በ52.6 ስታባዙት 163 ዋት ገደማ፤ ፍሪጁና ሁለት አምፖል።

ያንን ተንሳፋፊ ነገር እዚያው አስጠፋሁት። ሥራውን የሚሠራው ስክሪኑን እያየ ነው፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ስልክ ቴሌብር ይከፍታል። ሚስጥር የሚጠብቁ አፖች ስክሪንሹት ሲነሱ ጥቁር ይሆናሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ጥቁር ከሆነባችሁ ደግሞ ሁለተኛ ስልክ አምጥታችሁ በካሜራ ማስተርጎም ነው።

ከዚያ ቡና እየተፈላ የአፑን ገጾች አንድ በአንድ ስክሪንሹት አነሳሁ። ሁሉም ነገር ሰላም ሳለ፣ ማንም ሳይቸኩል። ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኳቸው፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ በእስክሪብቶ የራሴን አማርኛ ጻፍኩ፦ ይህ ማስገቢያ፣ ይህ ማውጫ። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ላይ፣ ባትሪው በስንት ቮልት እንደሚዘጋ የሚወስኑት ቁጥሮች ያሉበት ላይ፣ በቀይ "እዩ እንጂ አትንኩ" አልኩ። ተርጉሞ ማንበብና ተርጉሞ መንካት ለየብቻ ነው። አጎቴ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈው፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ "ስልኬ ላይ ያለውን፣ ክፍያ የሚለውን ስክሪንሹት ግን አጥፋልኝ፣ ሳየው ያመኛል" አለኝ።

አጠፋሁለት። ሁለት ማብሪያ ያለው፣ ቋንቋ የሌለው እንዲህ ያለ የባትሪ አፕ ቤታችሁ ካለ የዋናውን ገጽ ስክሪንሹት በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ከኛ ጋር ከገጠመ ወረቀቱን እልክላችኋለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ግን አትደውሉ።