ከቀይ እስክሪብቶ ወደ ቀጣዩ ድርሰት

የታረመ ድርሰት ሲመለስ አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ውጤቱን ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻሉ፣ ከአስተያየቱ ጎን ቁጥር የተሰጣቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ድርሰቷን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ውጤቱን በወረቀት ሸፍነን ነው የምንቀመጠው።

ባለፈው ያመጣችው አንኮበር አጠገብ ስላለችው አሊዩ አምባ የጻፈችውን ነበር። አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «አሊዩ አምባ በጥንት ጊዜ ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። ከተለያዩ ቦታዎች ብዙ ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። የተለያዩ ዕቃዎችም ይሸጡ ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ የለም። ሕዝቡ ታሪኩን መጠበቅ አለበት።» መምህሩ በኅዳጉ ላይ «ማስረጃ?»፣ ዝቅ ብለው «ሐሳቡ ተበተነ»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጥልቀት ይኑረው» ብለዋል። ከዚህ ሌላ የፊደል እርማቶች አሉ። የአንኮበሩን ንጉሥ ምኒልክ ያለችውንም ሰርዘው «ሣህለ ሥላሴ» ብለው ጽፈውበታል።

የንጉሡ ስም እርማት የዚህ ድርሰት ብቻ ነው። አስተካክላው ታልፋለች፤ ስለ ሌላ ነገር ስትጽፍ አይመጣም። ወደሚቀጥለው የሚሻገሩት የኅዳጉ አስተያየቶች ናቸው፤ ችግሩ እንደተጻፉ ሥራ ላይ አለመዋላቸው ነው። «በሚቀጥለው ማስረጃ እጨምራለሁ» ያለ ተማሪ የት፣ ምን እንደሚጨምር አያውቅም።

«ማስረጃ?» የተባለውን ያመጡት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ፈለግን። «ትልቅ»፣ «ብዙ»፣ «የተለያዩ» ናቸው። እያንዳንዱ ቃል የቆመው መነገር በነበረበት ነገር ቦታ ነው። ስለዚህ አስተያየቱን በራሷ ቃል እንዲህ አድርጋ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፦ «ብዙና የተለያዩ ያልኩበትን ሁሉ አሰምርበታለሁ፤ ማን፣ ምን፣ ከየት ብዬ ጠይቄ መልሱን እተካለሁ፤ መልስ ካጣሁ ዓረፍተ ነገሩን አወጣዋለሁ።» ይህን መፈጸም አለመፈጸሟን ማንም ወረቀቷን አይቶ ሊናገር ይችላል። ወዲያውም ያንኑ አንቀጽ ሞከረችበት፦ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሊዩ አምባ ይገባ ነበር። ከሚመጣው ሸቀጥ አንዱ ጨው ነበር። ከሐረር የመጡ ነጋዴዎችም ከተማዋ ውስጥ ይኖሩ ነበር።» «ትልቅ» የሚለው ቃል የለበትም፤ አንባቢው ግን ትልቅነቱን ያየዋል።

«ሐሳቡ ተበተነ» ለማለት ያበቃው አንቀጹ ሦስት ሥራ መያዙ ነው፤ የጥንቱን ይተርካል፣ የዛሬውን ያነሣል፣ ከዚያ ይመክራል። ለዚህ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ምን እንደሚሠራ በእርሳስ ጻፈች። «ጥንት፣ ጥንት፣ ጥንት፣ ዛሬ፣ ምክር» ሆኖ ሲወጣ ከኃይለ ቃሉ የራቁት ሁለቱ ራሳቸው ታዩ።

«ጥልቀት ይኑረው» ግን በግምት አይፈታም፤ የጻፉትን መምህር መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚጠየቅም ወሳኝ ነው። «መምህር፣ አልገባኝም» ብትል ያው ቃል ተደግሞ ሊነገራት ይችላል። እሷ ግን አንቀጿን አሳይታ፣ «መምህር፣ ንግዱ ቀረ ብዬ ለምን እንደቀረ ስላልጻፍኩ ነው?» አለቻቸው። «አዎ፣ እሱን ነው» አሏት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር፣ ዋና ከተማነት ከአንኮበር መራቁንም አነሡላት። «ሆነ» ባለችበት ሁሉ «ለምን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስከተል ሦስተኛው ሥራዋ ሆነ።

ፊደሉን ለጊዜው ተውነው። ሁሉን ባንዴ ልያዝ ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያርመው ቀላሉን ነው፤ እሱም ፊደሉ ነው።

ቀጣዩ ርእስ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ስለሚመረት ሰብል ነበር። ስትጀምር «ማሾ ለገበሬው ብዙ ጥቅም አለው» ብላ ጻፈች። ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ለዚህም ነው ደብተሯ ላይ የጻፈችው ማጣሪያ የሚሠራው ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሆነው። ስታሰምርበት «ብዙ» ተያዘ፣ በቦታውም ይህ ገባ፦ «ማሾ በሁለት፣ ሦስት ወር ስለሚደርስ ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት ቆላ ይስማማል፤ ለውጭ ገበያም ይላካል።» «ለምን» የሚለውም እግረ መንገዱን ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ረቂቁ ማስረከቢያው ሳይደርስ ካለቀ ነው፤ ሌሊቱን ተጽፎ ጠዋት የሚሰጥ ድርሰት የማጣሪያ ጊዜ የለውም።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። የክፍሉ ብዛትና የደብተሩ ክምር ይገባኛል። ቢሆንም «ጥልቀት ይኑረው» ከማለት አንዱን ዓረፍተ ነገር አስምራችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጻፉበት። ተማሪዎችም የተመለሰውን ድርሰት አትጣሉት፤ የሚቀጥለውን ስታርሙ አጠገባችሁ ዘርግታችሁ ያዙት።