ኮሜንት ማጥፋት፣ መደበቅ እና ሰውን መገደብ ለየቅል ናቸው

ሰሞኑን ከሁለት የድሮ ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል። አንዷ ልብስ የምትሸጥበት ፔጅ አላት፣ ሌላው የእድር ፔጅ ያስተዳድራል። ሁለቱም «ቲቸር፣ መጥፎ ኮሜንት ሲመጣ ላጥፋው ወይስ ልደብቀው? ልዩነቱስ ምንድነው?» ነው የሚሉት። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እንደምታውቁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ጥያቄዎች የምንለጥፍበት ትንሽ የፌስቡክ ፔጅ አለችን። ተከታዮቿ አብዛኞቹ የዚሁ የከተማችን ልጆች ናቸው። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ ጉዳዩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

አምና በክፍሎች መካከል የሒሳብ ውድድር አድርገን ያሸነፉትን ልጆች ፎቶ ለጠፍን። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ልጅ ገብቶ የአንዷን ተማሪ ስም ጠርቶ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድማ ያየችው ከመምህሩ ጋር «ስለምትቀራረብ» ነው የሚል ነገር ጻፈ። ምን ማለት እንደፈለገ ሁላችሁም ገብቷችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ለአንዲት የ17 ዓመት ልጅ በእኛ ከተማ ምን ማለት እንደሆነም ላስረዳችሁ አይገባም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሥሩ አሥራ ምናምን መልስ ተደረደረ። ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ስድብ፣ ሦስት የክፍሏ ልጆች ደግሞ ጥሩ አድርገው የተከላከሉላት።

ባልደረባዬ ቀድሞኝ አይቶት ኖሮ Hide comment የሚለውን ነክቶ «ደብቄዋለሁ፣ አለቀ» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ስከፍተው ኮሜንቱ ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል። ይሄ ትክክል ነው፣ የፔጁ አስተዳዳሪ የተደበቀውን ያያል፣ ከፈለገም መልሶ ያወጣዋል። ጥያቄው ሌላው ሰው ምን ያያል የሚለው ነው። ዱባይ ላለችው እህቴ ሊንኩን ላክሁላት፤ «ምንም የለም» አለችኝ። ቀጥዬ የክፍል አለቃውን ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ለኔ ይታየኛል። ለሁላችንም ይታየናል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔጅ ላይ የተደበቀ ኮሜንት ከጻፈው ሰው እና ከጻፈው ሰው ጓደኞች አይደበቅም። ከቀረው ዓለም ብቻ ነው የሚደበቀው። አሠራሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጻፊው ኮሜንቱ እንዳለ መስሎት ዝም እንዲል ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት መቶ ሺህ ተከታይ ኖሮት ተሳዳቢው ከመካከላቸው አራት ጓደኛ ብቻ ካለው መደበቅ በቂ ነው፣ ምክንያቱም ከአራቱ በስተቀር ማንም አያየውም። እኛ ጋ ግን ልጁ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። የሷ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ጓደኞቹ ናቸው። ስለዚህ የተደበቀው ዱባይ ካለችው እህቴ ነው፤ እንዳያዩት ከምንፈልጋቸው ሰዎች አንዱም አልተከለለም። እንዲያውም ባሰ፤ እኛ ደብቀነዋል ብለን ስንዘነጋ፣ እዚያ ሆነው ይቀባበሉታል።

ስለዚህ ማጥፋት ነበረበት። ግን Delete ከመንካቴ በፊት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ስክሪንሾት። ጽሑፉን ብቻ አይደለም፤ ስሙ፣ ፕሮፋይሉ፣ ሰዓቱ፣ ከሥር የተሰጡት መልሶችም እንዲገቡ አድርጌ። የልጅቷ ወላጆች ነገ ቢጠይቁኝ ወይም ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቢሄድ በእጄ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለፌስቡክ ሪፖርት። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባባችሁ፣ አንዴ ካጠፋችሁት ሪፖርት የምታደርጉት ነገር በፊታችሁ የለም።

ማጥፋት ዋጋ አለው። ኮሜንት ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት መልሶች በሙሉ አብረውት ይሄዳሉ። የሚመልሰው ቁልፍም የለም። እነዚያ ሦስት ልጆች የጻፉላት ጥሩ ነገር አብሮ ጠፋ። በማግስቱ አንዷ ስታፍ ድረስ መጥታ «ቲቸር፣ የኔን ለምን አጠፋኸው? እኔ እኮ ደግፌያት ነው» አለችኝ፣ ተቀይማ። አስረዳኋት፣ ገባት። ካልነገራችኋቸው ግን የተከላከለውንም የተሳደበውንም እኩል የቀጣችሁ ይመስላቸዋል። ለጻፈው ልጅ ደግሞ ፌስቡክ «ጠፍቶብሃል» ብሎ መልእክት አይልክለትም፤ ተመልሶ ሲያይ ግን ያጣዋል፣ ያጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እሱም ማታ ተመልሶ «ለምን ታጠፋላችሁ፣ እውነት ስለሆነ ነዋ» ብሎ ጻፈ። ያንንም አንስቼ ከፔጁ አገድኩት። ከፔጅ የታገደ ሰው የምትለጥፉትን ማየት ይችላል፣ ኮሜንት መጻፍና ላይክ ማድረግ ግን አይችልም። አባቱን ስለማውቃቸው የቀረውን በአካል ጨረስነው፤ እሱ የፌስቡክ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ መደበቅ መቼ ይጠቅማል? ለማስታወቂያ! «በሳምንት እጥፍ ትርፍ፣ ቴሌግራም ግቡ» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ሎጋሪዝም ለጥፈን እሱ ስለ ፎሬክስ ያወራል። ሲጠፋበት ወዲያው አይቶ እንደገና ይለጥፋል፤ ሲደበቅበት ግን ለሱ እንዳለ ስለሚታየው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ጓደኞቹ ያዩታል፣ እውነት ነው፣ ግን ጓደኞቹ የኛ ተማሪዎች አይደሉም። እንግዲህ ከመደበቃችሁ በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህ ሰው ጓደኞችና የኔ አንባቢዎች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? የኔ የልብስ ነጋዴ ሆይ፣ ደንበኞችሽ ከየአገሩ ስለሆኑ መደበቅ ብዙ ጊዜ ይሠራልሻል። የእድሩ ሰው ግን ወንድሜ፣ ያንተ አባላት በሙሉ እርስ በርስ ጓደኛ ናቸው፤ ላንተ መደበቅ ማለት መጋረጃ የሌለው መስኮት ነው።

አሁን ወደ መገደብ። ይሄኛው ቃሉ ራሱ ያምታታል፣ ምክንያቱም ፌስቡክ እና ኢንስታግራም በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሠሩት።

ፌስቡክ ላይ Restricted የሚባል የጓደኛ ዝርዝር አለ። ወደ ሰውየው ፕሮፋይል ሄዳችሁ Friends የሚለውን ስትነኩ የጓደኛ ዝርዝር ማስተካከያ ይመጣል፣ እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ የገባ ሰው ጓደኛችሁ እንደሆነ ይቀጥላል፣ አይነገረውም፤ ግን ለጓደኞች ብቻ ብላችሁ የምትለጥፉትን አያይም። የሚያየው ለሁሉም ክፍት የሆነውን እና እሱን ታግ ያደረጋችሁበትን ብቻ ነው። ይሄ ለእኛ አገር ሰው የተሠራ ነው የሚመስለኝ። የአክስት ባል ነው፣ ወይ የሰፈር ታላቅ ሰው ነው፤ በየፎቶው «ወፍረሃል»፣ «ሁለተኛው ልጅ የታለ?» ይላል፤ አንፍረንድ ብታደርጉት ፋሲካ ላይ ይነሳባችኋል። ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፣ የቤተሰብ ፎቶ አይደርሰውም፣ ሰላምታውም አይቋረጥም።

ግን ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ፖስታችሁ ላይ የዓለም ምልክት ካለ፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ይህ ገደብ ምንም አይሠራም። ያየዋል፣ ከሥርም ይጽፍበታል። «ገድቤው እያለ እንዴት ኮሜንት ሰጠ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ ፖስቶቹን ሳይ ሁሉም ክፍት ናቸው። ለክፍት ፖስት መድኃኒቱ ሌላ ነው። የፖስቱን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ Who can comment on your post? የሚለውን Friends ላይ ታደርጉታላችሁ። ያኔ ሁሉም ያነባል፣ የሚጽፈው ጓደኛ ብቻ ነው። የአክስት ባል ጓደኛ ስለሆነ ግን ይሄም እሱን አያቆመውም፣ እያሳቀኝ ነው የምጽፈው።

ኢንስታግራም በ2019 ያመጣው Restrict ደግሞ ተቃራኒው ነው። የተገደበው ሰው የምትለጥፉትን እንደድሮው ያያል፣ ኮሜንትም ይጽፋል፤ ጽሑፉ ግን እናንተ ካላጸደቃችሁት ከራሱ በስተቀር ለማንም አይታይም። የሚልከው መልእክት ወደ ጥያቄዎች ሳጥን ይሄዳል፣ ማንበባችሁንም መስመር ላይ መሆናችሁንም አያውቅም። በአጭሩ ፌስቡክ የሚገድበው የሰውየውን ዓይን ነው፣ ኢንስታግራም የሚገድበው ሰሚውን ነው። ያ ልጅ የጻፈው ግለሰብ በሚጠቀምበት የኢንስታግራም አካውንት ላይ ቢሆን ኖሮና ቀድሞ ተገድቦ ቢሆን፣ ጓደኞቹ እንኳን አያዩትም ነበር። ፔጅ ላይ መደበቅ ይህን አያደርግም።

«ማጥፋት አፈና አይሆንም ወይ?» ለሚሉኝ፣ አሜሪካ ያላችሁ የምታስታውሱት አንድ ክስ አለ። ሚሺጋን ውስጥ የፖርት ሂውረን ከተማ ሥራ አስኪያጅ ጄምስ ፍሪድ በፌስቡኩ ላይ ስለ ኮቪድ የወቀሰውን ነዋሪ ኬቨን ሊንድኪን መጀመሪያ ኮሜንቶቹን አጠፋበት፣ ከዚያ ብሎክ አደረገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2024 ላይ፣ ባለሥልጣን ተጠያቂ የሚሆነው በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ኖሮት ያንንም ሥልጣን ተጠቅሞ ሲናገር ነው አለ። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ማጥፋትንና ብሎክን ለይቶ አይቷቸዋል። ማጥፋት የሚነካው ያንን አንድ ፖስት ነው፣ ብሎክ ግን ሰውየው ሊጽፍባቸው የሚችላቸውን ፖስቶች በሙሉ ይዘጋል፣ ስለዚህ የሚመረመረው ሁሉም ነው። እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፣ ጠመኔ ያዥ ነኝ። ቢሆንም «ጥያቄ 7 መልሱ ተሳስቷል» የሚል ኮሜንት፣ በስድብ ታጅቦ ቢመጣ እንኳ፣ ፔጃችን ላይ አይነካም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፔጅ ያላችሁ የማትፈልጓቸውን ቃላት ዝርዝር ሴቲንግ ውስጥ መሙላት ትችላላችሁ፤ ቃሉ ያለበት ኮሜንት ራሱ ይደበቃል። አማርኛ ላይ ግን ለኮምፒውተር «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ «ሰ» እና «ሠ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ስድቡን በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ አስገቡት፣ በላቲን ፊደል የሚጽፉትንም ጭምር። እኔና ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጠን የከተማውን ስድብ በሙሉ በየፊደሉ ስንዘረዝር አስተናጋጇ በጣም ነው ያየችን።